«ሲሆን» እና የፓተንት ወሰን፦ በአንድ የእምቦጭ መሰብሰቢያ ማሽን ትርጉም ላይ የተነሣ ውይይት

በፓተንት ላይ የሚገኘውን፣ «በዚህም» እንደ ማለት ያለ «ዌርኢን» የተባለ የእንግሊዝኛ ቃል በ«ሲሆን» መተርጎም ያስኬዳልን የሚለውን ጥያቄ በተርጓሚዎች መድረካችን ላይ ያቀረብሁት እኔው ነኝ። መልሱ ከጠበቅሁት በላይ ስለ በዛና አንዳንዱም ስለ ጦፈ፣ ኋላ የሚመጣ አንባቢ ሁሉንም ከማገላበጥ ይድን ዘንድ የተባለውን በየተራው በራሴ ቃል እተርካለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ብየዳና የብረት ሥራ የሚሠራ አንድ ወርክሾፕ፣ ከጣና ላይ እምቦጭ እየነቀለ ወደ ጀልባ የሚያወጣ ማሽን ይሠራል። የወርክሾፑ ባለቤት ከውጭ አገር የፓተንት ባለመብት ጋር የፈቃድ ውል ሊዋዋል ነው። በውሉ መሠረት የመብቱን ወሰን በቃላት በሚያሰምረው የፓተንቱ የመጀመሪያ ክሌይም ውስጥ ለሚወድቅ ለእያንዳንዱ ማሽን ክፍያ ይከፍላል፤ ከክሌይሙ ውጭ ለሆነው አይከፍልም። ክሌይሙ ከነአማርኛ ትርጉሙ የውሉ አባሪ ሆኖ ይፈረምበታል። ትርጉሙ የተሰጠው ለእኔ ነው።

እንግሊዝኛው መጀመሪያ የማሽኑን ክፍሎች ይዘረዝራል፤ ቀጥሎ «ዌርኢን» በሚል ቃል የሚጀምሩ ሁለት ሐረጎች ያስከትላል። የፓተንቱ ጉልበት ያለው በእነዚህ ሁለት ሐረጎች ላይ ነው፤ ምክንያቱም ቀበቶና መቁረጫ ያለው ጀልባ ከዚህ በፊትም ነበረ። የመጀመሪያው ሐረግ ስለ ጥርሶቹ ማዘንበል፣ ሁለተኛው ስለ መቁረጫው መውጣት ይናገራል። ለአስተያየት ያቀረብሁት ረቂቅ ይህ ነበር፦

ተንሳፋፊ አካል፣ በተንሳፋፊው አካል ላይ በማጠፊያ የተያያዘ ክፈፍ፣ በክፈፉ ላይ የሚዞር ቀበቶ፣ በቀበቶው ላይ የተተከሉ በርካታ ጥርሶችና በክፈፉ የታችኛው ጫፍ የተገጠመ መቁረጫ ያለው፣ ጥርሶቹ ሁሉም ወደ ላይኛው ጫፉ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ያዘነበሉ ሲሆን ቀበቶው ሳይነካ መቁረጫው ከክፈፉ የሚወጣ የውሃ ላይ አረም መሰብሰቢያ መሣሪያ።

ጥያቄዬ አጭር ነበር። «ዌርኢን» የሚለውን በ«ሲሆን» መተርጎሜ የክሌይሙን ወሰን ሳያሰፋና ሳያጠብ ያስቀምጠዋልን? የቀረው ቃል ደህና ነው ብዬ አምኜ ነበር። እንዳልነበረ ወዲያው ታየ።

1ኛውን መልስ የጻፈችው የድርጅቶችን ሪፖርት የምትተረጉም ወጣት ናት። በጨዋነት ካመሰገነች በኋላ እሷ ሁልጊዜ «በዚህም ውስጥ» እንደምትል ገለጸች። ሐሳቧ ግማሽ መንገድ ትክክል ነው። «በዚህም» የሚለው ወደ ኋላ ጠቁሞ አዲስ ዐረፍተ ነገር ለመጀመር ያስችላል፤ «ውስጥ» ግን ሥፍራን ያመለክታል። መቁረጫው በክፈፉ ጫፍ ላይ ስለ ተገጠመ፣ በክፈፉ ውስጥ ነው ወይስ በማሽኑ ውስጥ የሚል አዲስ ጥያቄ ያስነሣል።

2ኛው መልስ ጥያቄውን ስቶታል። ጸሐፊው ፓተንት በተመዘገበበት አገር ብቻ እንደሚሠራ፣ እዚህ ካልተመዘገበ ማንም ሰው ማሽኑን ሠርቶ መሸጥ እንደሚችል፣ ስለዚህም ትርጉሙ ገንዘብ ማባከን እንደሆነ አስረድቶ፣ የአገራችን የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 መሆኑንም አስታወሰ። ስለ ፓተንት አገራዊነት የተናገረው እውነት ነው። በ3ኛው ላይ እኔ የመለስሁለት፣ እዚህ ያለው ግዴታ ከፓተንቱ ሳይሆን ከውሉ እንደሚመነጭ ነው። ባለቤቱ ንድፉንና የባለመብቱን ሥልጠና ስለሚፈልግ ወዶ ይዋዋላል፤ የክፍያው ልክ ደግሞ በክሌይሙ ቃላት ይለካል። ሰውየው መልሶ አልጻፈም።

4ኛውን መልስ የጻፉት ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ያስተረጎሙና ኋላም ሕግ በማርቀቅ ያገለገሉ አባት ናቸው፤ በመድረኩ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ረቂቄን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አነበቡት። አማርኛ ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ የሚያደርግ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ አንባቢ ከፊት ያለውን ሁሉ ከመጨረሻው ቃል ጋር አያይዞ ይፈታል። በእኔ ረቂቅ መጨረሻው ቃል «መሣሪያ» ነው፤ ከእሱ በፊት ያለው ግሥ «የሚወጣ» ነው፤ «ያዘነበሉ ሲሆን» ደግሞ ከ«የሚወጣ» በፊት ተቀምጧል። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ ጥርሶቹ ባዘነበሉ ጊዜ መቁረጫው የሚወጣ መሣሪያ ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በእንግሊዝኛው ሁለቱ ሐረጎች እኩል ቆመው እያንዳንዳቸው መሣሪያውን ይወስናሉ፤ በእኔ አማርኛ ግን አንደኛው የሌላኛው ጊዜ ወይም ሁኔታ ሆነ። ማዘንበሉ የማሽኑ ቋሚ ባሕርይ መሆኑ ቀርቶ አልፎ አልፎ የሚደርስበት ነገር ይመስላል።

ከዚህ ቀጥለው የጻፉት፣ ስሕተቱ የተርጓሚ ዓይን የማይይዘው ዓይነት መሆኑን ነው። እንግሊዝኛውን የሚያውቅ ሰው ረቂቁን ሲያነብ ትክክለኛውን ትርጉም ከጭንቅላቱ አምጥቶ ይሞላበታል። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ላላየ ሰው ሰጥቼ፣ ማሽኑን በእርሳስ እንዲስልልኝ አዘዙኝ። አደረግሁት። ጎረቤቴ ያለ የብረት ሠራተኛ የሣለልኝ ማሽን፣ ጥርሶቹ በእጀታ ተስበው የሚያዘነብሉና መቁረጫውም በዚያን ጊዜ የሚላቀቅ ነበር። ያ ሥዕል ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

በ5ኛው አንድ የአማርኛ መምህር ገባ፤ ጠንከር ያለ ነበር። «ሲሆን» ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ለማስቀመጥ በዜናም በመጽሐፍም ስንገለገልበት የኖርነው ቃል ነው፤ አንድ ሰው ጎንደር ተወልዶ ያደገው ጎጃም ነው ለማለት የተወለደው ጎንደር ሲሆን ያደገው ጎጃም ነው ስንል ጎንደር ሲወለድ ጎጃም ያድጋል ብሎ የሚረዳ የለም አለ። ከዚህም አልፎ የሕግ ሰዎች ራሳቸው ያወሳሰቡትን ቋንቋ በድኻው «ሲሆን» ላይ ያላክካሉ ሲል ወረፈ።

ጋሼ በ6ኛው ላይ ሳይቆጡ መለሱለት። የመምህሩ ምሳሌ ትክክል የሚሆነው በ«ነው» ስለሚታሰር ነው። ሁለት የተሟሉ ሐሳቦች አሉ፤ ኋለኛው በራሱ ማሰሪያ ይቆማል፤ «ሲሆን» እነሱን ከማጋጠም በቀር ሥራ የለውም። ክሌይም ግን በልማድ አንድ የስም ሐረግ ነው፤ «ነው» የለውም፤ ሁሉም ነገር «የ» እየለበሰ መጨረሻው ስም ላይ ይንጠለጠላል። «ሲሆን» በእንዲህ ያለ ሰንሰለት መካከል ሲገባ የሚያጋጥመው ሁለተኛ ማሰሪያ ስለማያገኝ ወደ ቀደመ ሥራው፣ ወደ ጊዜና ሁኔታ አመልካችነቱ ይመለሳል። ስለዚህ መድኃኒቱ ቃሉን መለወጥ አይደለም፤ «ዌርኢን» የሚያስከትለውን ሐረግ ከ«የ» ሰንሰለት አውጥቶ በራሱ «ነው» ማሰር ነው። ክሌይሙ አንድ ዐረፍተ ነገር መሆን ካለበትም ድርብ ሰረዝ ይበቃዋል፤ አራት ነጥቡ መጨረሻ ላይ ብቻ ይገባል። አዋጆቻችንም ሀ፣ ለ፣ ሐ እያሉ እንዲሁ ያደርጋሉ።

ለእኔ ከውይይቱ ሁሉ ዋጋ ያለው ይህ ነበር። ለ«ዌርኢን» አቻ ቃል ስፈልግ ሁለት ቀን አጥፍቼ ነበር፤ ለካ ችግሩ የቃል አልነበረም።

7ኛው መልስ ከመራዊ አካባቢ ወፍጮ ቤት ካለው ሰው መጣ። ስለ ፓተንት አያውቅም፤ ግን የራሱን ጉዳት አነሣ። ወፍጮውን ሲገዛ በውሉ ላይ ወፍጮው ከነሞተሩና ድንጋዩ ይሸጣል ተብሎ ተጽፏል። ሻጩ ግቢ ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ ያልተገጠመ ድንጋይ ነበረ። ገዢው ድንጋዩ ማለት ሁላችንም ያየነው ግቢው ውስጥ ያለው ነው ሲል፣ ሻጩ ደግሞ ድንጋዩ ማለት የወፍጮው የራሱ ድንጋይ ነው ብሎ ተከራከረው። ሽማግሌ ገብቶ በግማሽ ዋጋ ተስማሙ። አንዳንዶች ከርእስ ወጣህ አሉት። አልወጣም ነበር። በአማርኛ «ድንጋዩ» የታወቀው ድንጋይም የእሱ ድንጋይም ይሆናል፤ ቅጥያው አንድ ነው። በረቂቄ ላይ «ወደ ላይኛው ጫፉ» የሚል አለ። የማን ጫፍ? የክፈፉ ነው ብዬ ነበር፤ ከአጠገቡ ያሉት ግን ጥርሶቹና መቁረጫው ናቸው። የክፈፉ ጫፍና የቀበቶው ጫፍ በአንድ ማሽን ላይ የተለያየ አቅጣጫ ሊይዙ ስለሚችሉ፣ የማዘንበሉ አቅጣጫ ሳይታወቅ ቀረ ማለት ነው።

እንግሊዝኛው ይህን የሚጠብቀው አንድን ነገር መጀመሪያ ሲያነሣ ባልታወቀ፣ ሲደግመው ደግሞ በታወቀ መስተአምር እየጠራ ነው። የእኛ ቅጥያ ሁለት ሥራ ስላለው ብቻውን አይበቃም። ጋሼ በ8ኛው አጭር መልስ፣ ሁለተኛ በሚነሣበት ሥፍራ ሁሉ «የተጠቀሰው» የሚለውን እንድጨምርና ባለቤቱንም ሙሉ ስሙን ጠርቼ እንድጽፍ መከሩኝ። ጆሮ ይሰለቻል፤ ክሌይም ግን ለጆሮ አይጻፍም አሉ።

9ኛው መልስ ነው ነገሩን ያጦዘው። ጸሐፊዋ መካኒካል መሐንዲስ ናት፤ ውጭ አገር ሳለች በፓተንት ማርቀቂያ ቢሮ ሠርታለች። ስለ «ሲሆን» የተባለውን ተቀብላ፣ ሌሎች ሦስት ቃላት ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ «ሁሉም»፣ «በርካታ» እና «ሳይነካ»። ከወርክሾፑ ማሽን ጋር አስተያይታ ስላስረዳች የማሽኑን ነገር መግለጽ አለብኝ። በማሽኑ ቀበቶ ላይ 24 ረድፍ ጥርስ አለ። 12ቱ 20 ዲግሪ ያዘነበሉ ናቸው፤ 12ቱ ግን ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፤ አንድ ረድፍ ያዘነበለ፣ አንድ ረድፍ ቀጥ ያለ እየሆነ ይሄዳል። ባለቤቱ እንዲህ ያደረገው ያዘነበሉት እምቦጩን ይዘው ሲያወጡ ቀጥ ያሉት ሥሩን ከውሃው እንዲያላቅቁለት ነው። መቁረጫው በአራት ብሎን ተይዟል፤ ለማውጣት ግን በመጀመሪያ የቀበቶውን መወጠሪያ ማላላት ያስፈልጋል። ቀበቶው ይላላል እንጂ ከክፈፉ አይወርድም።

እንግሊዝኛው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ጥርሶችን ጠርቶ፣ ከእነዚያ እያንዳንዱ ያዘነበለ ነው ይላል። ዝርዝሩ የተከፈተው ክፍሎቹን በሚይዝና ሌላ ተጨማሪ ክፍል በማይከለክል ቃል ስለ ሆነ፣ ያዘነበሉት ጥርሶች ሁለት እንኳ ቢሆኑ ሐረጉ ይሟላል፤ ቀጥ ያሉ ሌሎች ጥርሶች መጨመራቸው ማሽኑን ከወሰኑ አያስወጣውም የሚል ንባብ አለው። መሐንዲሷ ለዚህ የጠቀሰችው የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 በሬስኪውኔት እና በላንሳ መካከል የሰጠውን ውሳኔ ነው። ክርክሩ በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ስላሉ መስኮች ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ከብዙዎቹ እያንዳንዱ የሚለውን ከሁለቱ ወይም ከዚያ ከሚበልጡት እያንዳንዱ እንጂ በገጹ ላይ ያለው ሁሉ ማለት አይደለም ብሎ ተረጎመው። በእኔ ረቂቅ ግን «ጥርሶቹ ሁሉም» ተብሏል። አንዲት ቃል ጨምሬ 12 ቀጥ ያሉ ረድፎች ያሉትን ማሽን በሙሉ ከክሌይሙ አወጣሁት። ቃሏን የጨመርሁት ለምን እንደሆነ እንኳ አላስታውስም፤ ለአነጋገር ጥሩ ስለ መሰለኝ ይሆናል።

«በርካታ» ደግሞ ብዙ የሚል ግምት ይሰጣል፤ ሁለትን በርካታ የሚል የለም። «ሳይነካ» ሦስተኛው ስሕተቴ ነው። እንግሊዝኛው ቀበቶው በክፈፉ ላይ እንዳለ መቁረጫው ሊወጣ የሚችል ይላል። ቀበቶውን ማላላት መንካት ነው፤ ከክፈፉ ማውረድ ግን አይደለም። ስለዚህ በዚህም ቃል ብቻ ማሽኑ ሁለተኛ ጊዜ ከወሰኑ ወጣ። መሐንዲሷ አንድ ነገር ጨመረች፦ «የሚወጣ» እና «ሊወጣ የሚችል» አንድ አይደሉም፤ መቁረጫው አንድ ቀን እንኳ ባይወጣ፣ እንዲወጣ ሆኖ ከተሠራ ይበቃል።

10ኛውን መልስ የጻፈው የወርክሾፑ ባለቤት ራሱ ነው፤ ውይይቱን ሰው አሳይቶት ይመስለኛል። በስሙ አልገባም፤ ግን ከ24 ረድፎች ታሪክ ማንነቱ ግልጽ ነበር። መሐንዲሷን እኅቴ ብሎ ጀመረና እስከ መጨረሻው እኅትነቱን አልጠበቀም። ትርጉሙን የከፈለበት እሱ ነው፤ ተርጓሚውም የእሱ ነው፤ «ሁሉም» የምትለዋ ቃል ከክፍያ የምታድነው ከሆነ ማን ጠይቆ ያወጣታል? የባሕር ዳር ልጆች ለፈረንጅ ጠበቃ የሆኑት ከመቼ ወዲህ ነው? በመጨረሻም ረቂቁ እንዳለ እንዲቀር አጥብቆ አሳሰበ።

መምህሩ በ11ኛው ከባለቤቱ ጋር ወገነ። ትርጉም መቼም እኩል ሊሆን ስለማይችል ተርጓሚ ካጋደለ ወደ ወገኑ ያጋድል የሚል አዝማሚያ ነበረው። ይህ አነጋገር ለግጥም ይሆን ይሆናል፤ ለውል አባሪ ግን የት እንደሚያደርስ መሐንዲሷ በ12ኛው አሳየችው። ውሉ ሁለቱን ጽሑፎች አያይዟል። ክርክር በተነሣ ቀን ባለመብቱ ሌላ ተርጓሚ ቀጥሮ «ሁሉም» በእንግሊዝኛው የሌለች ቃል መሆኗን ያስመሰክራል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ጥርስ ሳይሆን የተርጓሚው ታማኝነት ነው፤ ያልተከፈለው የዓመታት ክፍያም በአንድ ጊዜ ይመጣል። ባለቤቱ ቀጥ ያሉ ጥርሶች ያሉት ማሽን ከክፍያ ነፃ እንዲሆን ከፈለገ፣ ይህን በውሉ አካል በግልጽ ተደራድሮ ያስጽፍ፤ ክሌይሙ ውስጥ አይሸሽግ። ይህን ስትጽፍ ቃሏ ጎምዛዛ ነበር፤ ጠበቃ የተባለችበት እንዳናደዳት ያስታውቃል።

13ኛ ሆኖ የገባ አንድ ጠበቃ ሁለቱንም ትቶ ሌላ ነገር ጠየቀ። በአገራችን አዋጆች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲታተሙና ሲለያዩ አማርኛው የበላይ ነው፤ ይህ ግን የአዋጅ ሥርዓት እንጂ ለግል ውል በራሱ የሚመጣ አይደለም። ውሉ የትኛው ቋንቋ እንደሚገዛ ይናገራልን? ሄጄ አየሁ። ሁለቱ ጽሑፎች እኩል ተቀባይነት አላቸው ይላል እንጂ ሲጋጩ የትኛው እንደሚያሸንፍ አይልም። ጠበቃው ይህ ካልተስተካከለ የተርጓሚው ጥንቃቄ ሁሉ ግማሽ መድኃኒት ነው አለ። ለባለቤቱ ነገርሁት፤ እስከ አሁን አልተስተካከለም።

14ኛው መልስ ትንሽ አሳቀን። አንድ ጎጃሜ ተርጓሚ፣ እኛ ማሽን የወደድን እንደሆነ እሷ ማለታችን ለምን ለሥራ አይውልም ብሎ ጠየቀ። አማርኛ ለግዑዝ ነገር ጾታን እንደ ፈቀደ ስለሚሰጥ፣ መቁረጫዋን በሴት፣ ቀበቶውን በወንድ ብንጠራ ግሡ ራሱ የቱ እንደሚወጣና የቱ እንደሚቀር ይነግረናል አለ። ብልኀቱ ሰዋስዋዊ መሠረት አለው፤ «ቀበቶው እያለ የምትወጣ» ቢባል የሚወጣው ቀበቶው ነው ብሎ የሚሳሳት የለም። ጋሼ ግን ሌላው አንባቢ መቁረጫዋ ትንሽ መሆኗን ለማመልከት ነው ብሎ ቢያስብስ ብለው በአንድ መሥመር ዘጉት። በአማርኛ አንስታይ ማነስንም ያመለክታልና፣ በክሌይም ላይ መጠን የሚመስል ነገር ሳይታሰብ መግባቱ አያስተማምንም።

በ15ኛው ከዘጌ በኩል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው፣ ስለ ቋንቋው ምንም ሳይል፣ ይህ ማሽን ደንገሉንም ያጭዳልን ሲል ጠየቀ። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ስለ ሆነ ሥጋቱ ይገባል። ከዚያ በኋላ አራት ያህል መልሶች ስለ እምቦጭ ብቻ ሆኑ፤ በደምቢያና በፎገራ ዳርቻ ስላለው ብዛት፣ ክረምት ሲወጣ ንፋስ ወደየት እንደሚገፋው፣ በእጅ መንቀል ይሻላል ወይስ በማሽን። እነዚያን እዘላቸዋለሁ። የታንኳ ቀዛፊው ጥያቄ ግን አንድ ነገር አሳየኝ። «የውሃ ላይ አረም» ብዬ የተረጎምሁት እንግሊዝኛ፣ በውሃ የሚኖር ማለት እንጂ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ማለት አልነበረም። እምቦጭ ይንሳፈፋል፤ ደንገል ግን ሥሩን መሬት ተክሎ ይቆማል። በእኔ ርእስ መሠረት ደንገል የሚያጭድ ማሽን ከክሌይሙ ውጭ ነበር፤ በእንግሊዝኛው ግን ደንገልን አረም ካሉት ውስጥ ነው። «ላይ» የምትለውን አወጣኋት።

በ20ኛው አዲሱን ረቂቅ አቀረብሁ፦

የውሃ አረም መሰብሰቢያ መሣሪያ፤ ይኸውም ሀ) ተንሳፋፊ አካል፣ ለ) በተጠቀሰው ተንሳፋፊ አካል ላይ በማጠፊያ የተያያዘ ክፈፍ፣ ሐ) በተጠቀሰው ክፈፍ ላይ የሚዞር ቀበቶ፣ መ) በተጠቀሰው ቀበቶ ላይ የተተከሉ ሁለት ወይም ከሁለት የሚበልጡ ጥርሶች፣ እና ሠ) በተጠቀሰው ክፈፍ የታችኛው ጫፍ የተገጠመ መቁረጫ የያዘ መሣሪያ ነው፤ በዚህም መሣሪያ በፊደል መ ከተጠቀሱት ጥርሶች እያንዳንዱ ወደ ተጠቀሰው ክፈፍ የላይኛው ጫፍ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ በዚህም መሣሪያ የተጠቀሰው ቀበቶ በተጠቀሰው ክፈፍ ላይ እንዳለ የተጠቀሰው መቁረጫ ከተጠቀሰው ክፈፍ ሊወጣ የሚችል ነው።

መምህሩ በ21ኛው ይህ አማርኛ አይደለም፣ የድንጋይ ክምር ነው አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም አልወደድሁትም። ነገር ግን ያንኑ የብረት ሠራተኛ ጎረቤቴን ሣልልኝ ብዬው፣ በዚህ ጊዜ የሣለው ማሽን ከእንግሊዝኛው ሥዕል ጋር በሁለቱም ሐረጎች ገጠመ። «ከሁለት የሚበልጡ» ባልሁት ላይ ግን ጠየቀኝ፤ ቀበቶው ላይ ያሉትን ጥርሶች በሙሉ ልቁጠር ወይስ ከእነሱ የፈለግሁትን ሁለት? መሐንዲሷ በ22ኛው ይህ ጥያቄ በእንግሊዝኛውም ያለ እንደሆነ፣ ፍርድ ቤት ሊከራከሩበት የሚችሉት አሻሚነት እንደሆነ፣ ተርጓሚም ፈትቶ ሊያቀርበው እንደማይገባ ገለጸች። አሻሚውን አሻሚ አድርጎ ማሳለፍ ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ነበር፤ ጋሼም በ23ኛው ከእሷ ጋር ተስማምተው፣ አሻሚነቱን ለደንበኛዬ በተለየ ደብዳቤ እንዳሳውቀው አዘዙኝ። መምህሩ ግን ያወቅነውን ጥርጥር ሳንፈታ ማስፈረም ማታለል ነው በሚለው ጸና። በዚህ አልተግባቡም።

24ኛውና እስካሁን የመጨረሻው መልስ ከወርክሾፑ ባለቤት ነው። ድምፁ በርዷል። ጭቅጭቁ ከሰለቸው በኋላ የጥርስ መለኪያ ይዞ ባለፈው ዓመት ከመስከረም ጀምሮ ጣና ላይ ሲሠራ ወደ ቆየው የመጀመሪያ ማሽኑ ሄደ። ጥርሶቹ እምቦጩን እየጎተቱ ወደ ላይ ሲወጡ ክብደቱ ወደ ታች ስለሚጫናቸው፣ ሲበየዱ 20 ዲግሪ የነበሩት አንዳንዶቹ ተመልሰው 13 ሆነው አገኛቸው። አዲስ ሲሆኑ በክሌይሙ ውስጥ የነበሩ፣ ከሥራ በኋላ ከ15 በታች ወርደዋል። ማዘንበሉ የሚለካው ማሽኑ ከወርክሾፑ ሲወጣ ነው ወይስ ሐይቁ ላይ ሲሠራ? ረቂቄ ላይ «ያዘነበለ ነው» ይላል። መቼ? ጋሼ እስከ አሁን አልመለሱም፤ እኔም የመጀመሪያውን «ሲሆን» እንደገና እያየሁት ነው።